የማታ 4 ሰዓቱ መርፌ
(በደብረ ብርሃን ለአዲስ ነርሶች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይም ዘንድሮ ሥራ የጀመራችሁ ነርሶች፤ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ነርስ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ስለምታደርገው ማጣራት የሚመለከት ነው። ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድና ትክክለኛ ሰዓት የሚባሉትን አምስቱን በትምህርት ቤት በቃላችሁ ይዛችኋል፤ የታካሚው እንቢ የማለት መብት፣ የመድኃኒቱ ምክንያትና ትክክለኛ አመዘጋገብም በኋላ እንደተጨመሩባቸው ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዝርዝሩን ለእናንተው መልሼ ከማነበንብ ይልቅ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ሌሊት ተረኛ ሆኜ በእጄ ስለያዝኩት አንድ መርፌ ልንገራችሁ። መርፌው አምስቱን ሁሉ ያለፈ ይመስል ነበር።

ታካሚው በከባድ የሳንባ ምች የተኛ የ11 ወር ወንድ ሕፃን ነው። ቀን የገባ ሲሆን ኦክስጅን ተደርጎለታል፤ በካርዱ ላይ ክብደቱ 9.4 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። የሐኪሙ ትዕዛዝ አምፒሲሊን 470 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ጄንታማይሲን ደግሞ 70 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ «ቲ.አይ.ዲ» ማለትም በቀን 3 ጊዜ ይላል። የቀኗ ነርስ ትዕዛዙን ወደ መድኃኒት መስጫ ቅጹ ገልብጣ ለጄንታማይሲኑ 8፣ 4፣ 12 የሚሉ ሰዓቶች ጽፋለች፤ የቀኑን 8 ሰዓትም ሰጥታ ፈርማለች። የእኔ ተራ የማታ 4 ሰዓቱ ነበር።

መድኃኒት ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ ከመደርደሪያው ሲነሣ፣ ሲዘጋጅ፣ በመጨረሻም በታካሚው አልጋ አጠገብ ከመሰጠቱ በፊት። የመጀመሪያውን ማጣራት ብዙዎቻችን ሣጥኑን በማየት እንጨርሰዋለን፤ ይህ ግን ማጣራት አይባልም። ባለ 2 ሚሊ ሊትር አምፑሎች ይመሳሰላሉ፤ ሌሊት በደከመ ዓይን ጄንታማይሲኑ፣ ፕላሲሉና ላሲክሱ በአንድ ትሪ ላይ ሲቀመጡ የሚለያቸው በአንገታቸው ሥር ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ከተጠቀመ ሰው የተረፈ አምፑል ደግሞ ያልሆነ ሣጥን ውስጥ ተመልሶ ይገባል። ጄንታማይሲን ራሱ ሁለት ዓይነት ጥንካሬ አለው። በ2 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም የያዘው በብዛት የምናየው ነው፤ በ2 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ብቻ የያዘም አለ። ስለዚህ የሚነበበው የመድኃኒቱ ስም ብቻ ሳይሆን ቁጥሩም ጭምር ነው።

የአገልግሎት ማብቂያውን በተመለከተ በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ አለ። ሣጥኑ ላይ የሚታተመው ዘመን የፈረንጅ ነው። 06/2025 የሚለውን ያየች፣ ቀኑን ሙሉ በካርድ ላይ 2017 እያለች ስትጽፍ የዋለች ነርስ፣ ገና 8 ዓመት የቀረው መድኃኒት ሊመስላት ይችላል፤ እውነቱ ግን የዚያ መድኃኒት ዕድሜ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 2017 ያበቃል የሚል ነው። ይህ ስሕተት የሚፈጠረው ነርሷ ባለማወቋ አይደለም፤ ጥያቄ ቢቀርብላት በትክክል ትመልሳለች። የሚፈጠረው በጥድፊያ ውስጥ ዓይን የለመደውን ዘመን ስለሚያነብ ነው።

ታካሚውን ስለመለየት ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። በአካባቢያችን አንድ ሰው የዓለም ስምና የክርስትና ስም ይኖረዋል፤ በካርድ ክፍል አንዱን፣ በአልጋው ላይ ሌላውን ሊነግራችሁ ይችላል። ከዚህም ሌላ አንድን አዛውንት «አባባ፣ አቶ እገሌ እርስዎ ነዎት?» ብላችሁ ከጠየቃችኋቸው፣ ባይሰሙም፣ ወይም የተጠራው ስም የጎረቤታቸው ቢሆንም፣ ሰው ላለማስቸገር ብለው «አዎ ልጄ» ይላሉ። ስለዚህ ስሙን እናንተ አትንገሩ፤ «አባባ፣ ሙሉ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» በሉና የሚሉትን ከካርዱ ጋር አስተያዩ። የአልጋ ቁጥር መለያ አይደለም፤ ሰው ከአልጋ አልጋ ይዛወራል። ለሕፃኑ የጠየቅኳት እናቱን ነበር፤ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ነገረችኝ፤ ከካርዱ ጋር ገጠመ። ከዚህ በፊት መድኃኒት አስቆጥቶት ያውቅ እንደሆነም ጠየቅኩ፤ የለም አለች።

እስከዚህ ሁሉም ደኅና ነው። አምፑሉን ሰብሬ 1.75 ሚሊ ሊትር ልስብ ስል ግን እጄ ቆመ። ለጎልማሳ የሚታዘዘው ጄንታማይሲን በለመድኩት ክፍል 80 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ነበር። ይህ ጡት የሚጠባ ልጅ ደግሞ ከጎልማሳው በ10 ሚሊ ግራም ብቻ ያነሰ መጠን፣ እንደ ጎልማሳው 3 ጊዜ እንዲወስድ ታዟል። መልሱን ገና አላወቅኩትም፤ ነገሩ እንደማይገጥም ግን ታውቆኛል። እንዲህ ያለው ስሜት ማስረጃ ባይሆንም ስሌት ለመሥራት በቂ ምክንያት ነው።

አምፑሉን ክዳን ባለው ትሪ ላይ አስቀምጬ ስሌቱን ሠራሁ። ለከባድ የሳንባ ምች ለሕፃናት የሚሰጠው ጄንታማይሲን በየአንዳንዱ ኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም፣ በቀን 1 ጊዜ ነው። 9.4 በ7.5 ሲባዛ 70.5 ይሆናል። ሐኪሙ 70 ያለው ከዚህ እንደሆነ ገባኝ፤ የአንዱ ጊዜ መጠን በካርዱ ክብደት መሠረት ትክክል ነው። አምስቱን ነጥብ በየተራ ምልክት እያደረገ የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ የሚያልፈውም ለዚህ ነው፤ መጠኑ ትክክል፣ ሰዓቱም ቅጹ ላይ በተጻፈው መሠረት ትክክል። ስሕተቱ ያለው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። 70 በ3 ሲባዛ 210 ይሆናል፤ የአንድ ቀን መጠን ሳይሆን የሦስት ቀን መጠን ማለት ነው። ስለዚህ «ትክክለኛ መጠን» ስትሉ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር አስሉ፤ የአንዱን ጊዜና የሙሉ ቀኑን።

ወደ አልጋው ተመልሼ ልጁን ሳየው ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ። ፊቱና እጁ የ9.4 ኪሎ ልጅ አይመስሉም። እናቱን ቀን እንዴት እንደተመዘነ ብጠይቃት፣ «ሲስተር፣ ብርድ ነው ብለው ጋቢውን ሳያወልቁ ነው የመዘኑት» አለችኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከመንዝና ከጣርማ በር የሚመጡ እናቶች ደግሞ ልጃቸውን በሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው በጋቢ ጠቅልለው ያመጣሉ፤ ልክ ናቸውም። ኦክስጅን ላይ ያለ ሕፃን በብርድ ክፍል ይራቆት የሚል ሰው አይኖርም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ልጁን እንደተጠቀለለ መዝኑ፣ ከዚያም ማሞቂያ አጠገብ ወይም በእናቱ ደረት ላይ ሆኖ ልብሱ ሲለወጥ የወለቀውን ልብስ ብቻውን መዝናችሁ ቀንሱ። እኔም እንዲሁ አደረግኩ። ልብሱ 1.4 ኪሎ መዘነ፤ ልጁ 8 ኪሎ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው መጠን 8 በ7.5፣ 60 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ80ው አምፑል 1.5 ሚሊ ሊትር። የታዘዘው የቀን ድምር 210 ሲሆን የሚገባው 60 ነው፤ ሦስት ጊዜ ተኩል እጥፍ። በዚሁ ክብደት አምፒሲሊኑም በየአንዳንዱ ኪሎ 50 ሚሊ ግራም ተብሎ 400 መሆን ነበረበት፤ 470 ታዟል። በዚህ ላይ ግን ልባችሁን አታስጨንቁ። አምፒሲሊን የደኅንነት ወሰኑ ሰፊ ነው፤ 70 ሚሊ ግራም መብለጡ ለዚህ ልጅ አደጋ አያመጣም፤ ሐኪሙ ስለ ጄንታማይሲኑ ሲጠራ አብሮ ይታረማል። ሁሉንም ቁጥር በእኩል ጩኸት የምታነሣ ነርስ ስለ ጄንታማይሲኑ ስትጮኽ የሚሰማት ታጣለች።

ጄንታማይሲን ለምን ይለያል? ተሕዋሲን የሚገድለው በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲወጣ ነው፤ ከፍ ብሎ ከገደለ በኋላም መጠኑ ከወረደ ጊዜ ጀምሮ ለተወሰነ ሰዓት ተሕዋሲኑ እንደገና እንዳይራቡ ያደርጋል። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ መሰጠቱ ይበቃል። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ በኩላሊት ቱቦዎችና በውስጠኛው ጆሮ ሕዋሳት ውስጥም ይጠራቀማል። በሁለቱ መጠኖች መካከል ያለው ረጅም ዕረፍት እነዚህ አካላት የሚያርፉበት ነው። በየ8 ሰዓቱ ትልቅ መጠን ሲደራረብ ያ ዕረፍት ይጠፋል። የኩላሊቱ ጉዳት ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ የሞተ የጆሮ ሕዋስ ግን አይመለስም። የ11 ወር ልጅ ደግሞ «አልሰማም» አይልም። እናቱ የምታውቀው እኩዮቹ ሲናገሩ እሱ ሳይናገር ሲቀር ነው፤ በዚያን ጊዜ ይህችን መርፌ የሚያስታውስ ሰው የለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ለተረኛው ሐኪም ስልክ ደወልኩና፣ «ዶክተር፣ በምች የገባው ልጅ ጄንታው ይሰጠው?» አልኩ። ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ለዚህ ጥያቄ ምን ይመልሳል? «አዎ ሲስተር፣ ስጪው» ብሎ ዘጋ። እንግዲህ በእጄ ላይ የተጠራጠርኩት ትዕዛዝ ከነማረጋገጫው መጣ ማለት ነው፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። እኔ የጠየቅኩት ስለ መድኃኒቱ ስም እንጂ ስለ ጥርጣሬዬ አልነበረም። በሐኪም ላይ ጥያቄ ማንሣትን ስለፈራሁ ጥያቄውን አለዝቤ አለዝቤ ባዶ አደረግኩት። ይህን በልጅ ነርሶች ላይ ዛሬም አየዋለሁ፤ «ይሰጥ?» የሚል ጥያቄ መጠራጠርን አያስተላልፍም፤ «አዎ»ን ብቻ ይጋብዛል።

ሁለተኛ ስደውል የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ነበር። «ዶክተር፣ ይቅርታ መልሼ ቀሰቀስኩዎት። ከሕፃናት ክፍል ነኝ። በከባድ የሳንባ ምች የገባው የ11 ወር ልጅ ጄንታማይሲን 70 በቀን 3 ጊዜ ታዟል፤ አንዱ 8 ሰዓት ላይ ተሰጥቶታል። ያለ ልብስ መዝኜው 8 ኪሎ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው 9.4 ከነጋቢው ነው። የታዘዘው የቀን ድምር 210 ይሆናል፤ እኔ በኪሎ 7.5 በቀን አንድ ጊዜ ሳሰላው 60 ነው። የ4 ሰዓቱን አልሰጠሁም። መጥተው ትዕዛዙን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።» ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሲስተር፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ከአዋቂዎች ክፍል ስመጣ እጄ ለምዶ ነው የጻፍኩት፤ መጣሁ» አለ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰ።

የዚህን ንግግር አካላት ልብ በሉ፤ ማን እንደሆንኩ፣ ታካሚው ማን እንደሆነ፣ የተጻፈው ምን እንደሆነ፣ እኔ ያገኘሁት ምን እንደሆነ፣ እስካሁን ምን እንዳደረግኩና ከእሱ ምን እንደምፈልግ። «ተሳስተዋል» የሚል ቃል አላስፈለገም፤ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ይናገራሉ። ሐኪሙ መምጣት ባይችልና በስልክ ቢያዝ ኖሮ የሚለኝን ጽፌ፣ የጻፍኩትን ቃል በቃል መልሼ አንብቤለት፣ ሰዓቱን መዝግቤ፣ እንደመጣ እንዲፈርምበት ማድረግ ነበረብኝ። 15ና 50 በስልክ በእንግሊዝኛ ሲባሉ ይደባለቃሉ፤ ስለዚህ አሐዞቹን አንድ በአንድ፣ «ስድስት፣ ዜሮ» ብላችሁ ጥሩ።

«ስጪ ብያለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ» ቢልስ ኖሮ? ይህ ይደርስባችኋል። በአክብሮት ግን በግልጽ፣ «ዶክተር፣ ይህን መጠን እኔ ልሰጠው አልችልም፤ ለሌሊቱ ሱፐርቫይዘርና ለሕፃናት ሐኪሙ አሳውቃለሁ» ትላላችሁ፤ ከዚያም በእርግጥ ታሳውቃላችሁ። ተረኛ ፋርማሲስት ካለ እሱን መጠየቅም ጥሩ ነው፤ የመድኃኒት መጠን ሙያው ነው። አንዳንዱ ሐኪም «እንግዲያው እኔ ራሴ እሰጠዋለሁ» ይላል። ይህን ጊዜ ነርሷ እጇ ነጻ የወጣ ይመስላትና ታርፋለች፤ ልጁ ግን ያው መድኃኒት ሊገባበት ነው፤ ስለዚህ ጥሪው ወደ ላይ መቀጠል አለበት።

ሁለት መሸሻ መንገዶች አሉ፤ ሁለቱንም አይቻለሁ። አንዷ ነርስ ትዕዛዙ ሲያጠራጥራት ለራሷ ቀንሳ ትሰጣለች፤ ሌላዋ ሳትሰጥ መድኃኒቱን ደፍታ ተሰጥቷል ብላ ትፈርማለች። በሁለቱም ጊዜ ጧት ጉብኝት የሚያደርገው ሐኪም ካርዱን ያምናል። ልጁ ካልተሻለው «በሙሉ መጠን ሲወስድ ቆይቶ አልሠራም» ብሎ ወደ ሌላ መድኃኒት ይሸጋገራል፤ ያልተሠራ ሥራ እንደተሠራ ተቆጥሮ በላዩ ላይ ሌላ ውሳኔ ይገነባል።

መድኃኒት ማቆየት በራሱም ዋጋ አለው። በእኔ ጉዳይ የመጀመሪያው መጠን ቀን ስለተሰጠ ሕፃኑ እስከ ማግሥቱ 8 ሰዓት ድረስ ጄንታማይሲን አያስፈልገውም ነበር፤ ጊዜ ነበረኝ። ጥርጣሬው የተነሣው በመጀመሪያው መጠን ላይ ቢሆን ኖሮ ግን፣ በከባድ ምች የሚያቃስት ልጅ ያለ መድኃኒት ሰዓታት ማሳለፍ የለበትም፤ ስልኩ በደቂቃዎች ውስጥ ይደወላል እንጂ «ጧት ሲመጡ» አይባልም። የሚቆየውም የሚያጠራጥረው አንዱ መድኃኒት ብቻ ነው። ኦክስጅኑ አልተቋረጠም፤ አምፒሲሊኑም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በተስተካከለው 400 ሚሊ ግራም ተሰጥቷል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ብልቃጥ በ2.1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውኃ ስትበጠብጡት 2.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ከዚያ 2 ሚሊ ሊትሩ 400 ነው። በነገራችን ላይ ሁለቱን መድኃኒቶች ጊዜ ለመቆጠብ ብላችሁ በአንድ ሲሪንጅ አትቀላቅሏቸው፤ አምፒሲሊን ጄንታማይሲንን ያከሽፈዋል። በመካከል ካኑላው በጨዋማ ውኃ ይታጠባል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቅጹ ላይ 8 ብቻ ተብሎ ሲጻፍ በእኛ አቆጣጠር የቀኑም የሌሊቱም 8 ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝኛ የተማረው ሐኪም ደግሞ 2 ብሎ የቀኑን 8 ሰዓት ማለቱ ይሆናል። የ6 ሰዓት መዛባት የሚመጣው ከዚህ ነው። እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ «ቀን 8»፣ «ሌሊት 8» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር አልፈርምም፤ ቦታው ጠበበ የሚሉኝ አሉ፤ ቅጹ ይጥበብ።

ሐኪሙ የቀድሞውን ትዕዛዝ በአንድ መስመር ሰርዞ ከታች የሚታይ አድርጎ ፈረመበት፤ አዲስም ጻፈ፦ ክብደት 8 ኪሎ፣ አምፒሲሊን 400 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ጄንታማይሲን 60 ሚሊ ግራም በቀን 1 ጊዜ፣ ቀጣዩ ነገ ቀን 8 ሰዓት። የተሰጠው አንድ 70 ሚሊ ግራም በኪሎ ሲሰላ ከ9 በታች ስለሆነ ብቻውን ብዙ አያሰጋም ብሎ፣ ሽንቱ እንዲታይና ጧት የኩላሊት ምርመራ እንዲደረግለት አዘዘ። ለእናቱ የተደረገውን ነገርናት፤ ጨርቁ በረጠበ ቁጥር እንድትነግረኝም ጠየቅኳት። እስኪነጋ 3 ጊዜ ቀሰቀሰችኝ ልል ነበር፤ ተረኛ ነርስ አትተኛምና ጠራችኝ ልበል።

በነርስ ማስታወሻው ላይ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ማታ 4 ሰዓት፤ ጄንታማይሲን አልተሰጠም። ምክንያት፦ የቀን ድምሩ በ8 ኪሎ ክብደት ከሚገባው በላይ ሆኖ ስለተገኘ። ክብደት ያለ ልብስ እንደገና ተመዝኗል። ተረኛ ሐኪም በስልክ ተነግሮት 4፡35 ላይ መጥቶ ትዕዛዙን ቀይሯል።» ከሥሩ ስሜንና ፊርማዬን አኖርኩ። በርክክብ ጊዜ ለቀኗ ነርስ ይህንኑ በአልጋው አጠገብ ሆኜ አነበብኩላት፤ በሕፃኑ መስጫ ቅጽ ላይ የነበረውን 4ና 12 አብረን ሰረዝን፤ ቀን 8 ሰዓት ላይም 1.5 ሚሊ ሊትሩን ስባ ለሁለተኛ ሰው ካሳየች በኋላ ሰጠችው።